ከስላይዱ ጥያቄው ይቅደም

ልጄ፣ የላክሽልኝን ስላይድ ትናንት ማታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብዬ አየሁት። የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር። 38 ስላይድ ሠርተሻል። ፊደሉ ያምራል፣ ቀለሙም ዓይን አይወጋም፣ ከመርሐ ትምህርቱ ምዕራፍ አንዲት መስመር አላስቀረሽም። ሐሙስ ይዘሽው ወደምታስጠኚያቸው አራት ልጆች ከመሄድሽ በፊት ግን የምነግርሽ አለኝ። ስህተቱን የማውቀው እኔም ስለሠራሁት ነው።

ኮምፒውተርና ፕሮጀክተር እኔ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት የገባ ሰሞን ይህንኑ ርዕስ በ41 ስላይድ ሠርቼ ነበር። የምዕራፉን ዓላማዎች እንዳሉ ገለበጥኳቸው፣ የመጽሐፉን ማብራሪያ ለጠፍኩ፣ መጨረሻ ላይ የክለሳ ጥያቄዎቹን ደረደርኩ። ልጆቹ ሰዓቱን ሙሉ አንገታቸውን ደፍተው ከግድግዳው ወደ ደብተር ሲገለብጡ ዋሉ። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ስለነበር የተማሩ መስሎኝ ደስ አለኝ። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ 1/2 + 1/3 ብዬ ጻፍኩና ስንት ነው አልኩ። እጃቸውን ያወጡት ሁሉ ከሞላ ጎደል 2/5 አሉኝ። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምረው ማለት ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ያ ጸጥታ እያሳሳቀ ወስዶኝ ነበር።

ያኔ የገባኝን አሁን ልንገርሽ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አበው። ለእኛ ሥራ ሲተረጎም፣ ከስላይዱ ጥያቄው ይቅደም ነው። መርሐ ትምህርቱ ዓላማውን በመጀመሪያው ዓምድ፣ ተግባሩን በመሀል፣ ምዘናውን በመጨረሻ ስላስቀመጠ እኛም በዚያው ቅደም ተከተል የምንሠራ ይመስለናል። አስጠኚ ግን ከመጨረሻው ዓምድ ነው የምትነሳው። ልጁ ሰዓቱ ሲያልቅ ምን ሠርቶ ሊያሳየኝ ይገባል የሚለውን ታስቀድማለች፤ ከዚያ እዚያ የሚያደርሰውን ተግባር ትፈልጋለች፤ ስላይዱ የሚሠራው ከሁለቱ በኋላ ነው። እንዲህ ከሆነ ከ38ቱ ስላይድ 14 ይበቃሻል። የቀረው የአንቺ ማስታወሻ እንጂ የልጆቹ ማዕድ አይደለም።

በመጀመሪያ ዓላማዎቹን እንያቸው። ሁለተኛው ስላይድሽ ላይ «ተማሪዎች ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመርን ይረዳሉ» ብለሽ ጽፈሻል። መረዳት እጅግ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን አይታይም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሆንብሻል። ልጁ መረዳቱን በምን ታውቂያለሽ? ራሱን ሲነቀንቅ ከሆነ፣ የእኔዎቹም ነቅንቀውልኝ ነበር። ስለዚህ «ይረዳሉ»፣ «ያውቃሉ»፣ «ይገነዘባሉ» የሚሉትን ግሦች በዓይን በሚታዩ ግሦች ቀይሪያቸው። ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር እኔ በሦስት ከፍዬዋለሁ። አንደኛ፣ ልጁ ለአንድ ክፍልፋይ አቻውን፣ ማለትም አጻጻፉ ተለይቶ መጠኑ እኩል የሆነውን ይጽፋል፤ ለምሳሌ ለ1/2 3/6። ሁለተኛ፣ ታህታቸው የተለያየ ሁለት ክፍልፋዮችን ወደ የጋራ ታህት ለውጦ ይደምራል፤ ውጤቱም የሚቃለል ከሆነ ያቃልላል። ሦስተኛ፣ ያገኘው መልስ ሊሆን የሚችል መሆን አለመሆኑን ሳያሰላ ይፈርዳል።

ይህቺ ሦስተኛዋ በመርሐ ትምህርቱ ላይ ተለይታ ላትጻፍ ትችላለች፤ እኔ ግን አልተዋትም። 1/2 ላይ አንድ ነገር ጨምሮ 2/5 ያገኘ ልጅ፣ 2/5 ከግማሽ እንደሚያንስ ቢያስተውል ኖሮ ራሱን ባረመ ነበር። ጨምሮ እንዴት ያንሳል? ይህን ጥያቄ በራሱ የሚጠይቅ ልጅ አስጠኚ በሌለበትም አይወድቅም። ለአንድ የ60 ደቂቃ ጥናት ደግሞ ሦስት ዓላማ ይበቃል። የምዕራፉን ማባዛትና ማካፈል፣ ድብልቅ ክፍልፋዮችንም ሳይቀር ለአንድ ምሽት ጭነሻቸዋል። ምዕራፍ የብዙ ክፍለ ጊዜ ሥራ ነው። አንድ የስላይድ ጥቅል ለአንድ ቀን ጥናት እንጂ ለአንድ ምዕራፍ አይሠራም።

ዓላማዎቹ እንዲህ ሲጠሩ፣ ገና አንድም ስላይድ ሳትከፍቺ የክለሳ ጥያቄዎቹን ጻፊ። ለእያንዳንዱ ዓላማ ቢያንስ አንድ ጥያቄ ይኑር፤ ዓላማ የሌለው ጥያቄም አይኑር። የአንቺን ሳየው ከስድስቱ ጥያቄዎች ሁለቱ መቀነስ ናቸው። መቀነስን ግን በተግባርም በምሳሌም አላስተማርሽም። ልጁ በዚያ ቢወድቅ የወደቀችው አስጠኚዋ ናት። አቻ ክፍልፋይ ለይቶ የሚጠይቅ ደግሞ አንድም የለም፤ የመደመሩ ምሰሶ ግን እሱ ነው።

ጥያቄ ስትጽፊ ትክክለኛውን መልስ ብቻ ሳይሆን ልጆች የሚሳሳቱትንም አብረሽ ጻፊ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የሥራው እምብርት ነውና። 2/3 + 1/4 ውሰጂ። ትክክለኛው መንገድ 8/12 + 3/12 ሲሆን መልሱ 11/12 ነው። ከልጆች ወረቀት ላይ የምታገኚያቸው ስህተቶች ግን እንደ ዝናብ ጠብታ በየቦታው የሚወድቁ አይደሉም፤ የታወቁ ናቸው። አንዱ 3/7 ይልሻል። ይህ ልጅ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምሯል፤ ክፍልፋይ ለእሱ አንድ መጠን ሳይሆን አንዱ ካንዱ በላይ የተቀመጡ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ሌላዋ 3/12 ትልሻለች። እሷ የጋራ ታህት እንደሚያስፈልግ ሰምታለች፣ 12ንም አግኝታለች፣ ግን ታህቱን ስትቀይር ላዕሉን እንዳለ ተወችው። የጎደላት አቻ ክፍልፋይ ነው። ሦስተኛው 11/24 ይላል። እሱ 8/12ንና 3/12ን በትክክል ካወጣ በኋላ በመጨረሻዋ እርምጃ 12ና 12ን ደመረ። የጎደለው ካለፈው ክፍል የመጣ ነው፤ ታህታቸው አንድ የሆኑትን መደመር አልጸናም።

ሦስቱም «ተሳስተሃል፣ ድገመው» ቢባሉ ሦስቱም ያንኑ ይደግማሉ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኛ ብቅል በደንብ የተመረጠ ጥያቄ ነው። የልጁን የተሳሳተ መልስ አይተሽ ወደ የትኛው ስላይድ እንደምትመለሺ ካወቅሽ ስላይድሽ ሥራውን ሠርቷል። ስለዚህ ጥያቄውን በያዘው ስላይድ ሥር፣ ልጆቹ በማያዩት የማስታወሻ ቦታ ላይ፣ «3/7 ካለ ወደ 6፣ 3/12 ካለ ወደ 8፣ 11/24 ካለ ወደ 3» ብለሽ ጻፊው። በጥናቱ መሀል ቆመሽ አታስቢውም፤ አስቀድሞ የታሰበ ነው።

የቃል ጥያቄም ይግባ፤ ግን ልጁ ከሚያውቀው ኑሮ። ሱቅ ተልኮ ግማሽ ኪሎ ስኳርና ሩብ ኪሎ ስኳር የገዛ ልጅ በጠቅላላው ስንት እንደያዘ ብትጠይቂው ሦስት ሩብ ይልሻል፤ 500 ግራምና 250 ግራም 750 ግራም መሆኑንም ያውቀዋል። ያው ልጅ ወረቀት ላይ 1/2 + 1/4 ስትዪው 2/6 ሊጽፍልሽ ይችላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አቅርቢለትና አንድ ነገር መሆናቸውን ራሱ ይድረስበት። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ያሉት እንዲህ ላለው ነው። ሦስተኛው ዓላማ ላይ ደግሞ እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ «አንድ ተማሪ 1/4 + 1/2 = 2/6 ብሎ ጻፈ። ምንም ሳታሰሉ ስህተት መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ?» የምትጠብቂው መልስ፣ 2/6 ማለት ሲሶ ነው፣ ሲሶ ደግሞ ከተደመረው ግማሽ እንኳ ያንሳል የሚል ነው።

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። የአንቺ ስላይድ ላይ «ተግባር» የሚለው ርዕስ ሥር ያለው አሥር የስሌት ጥያቄ ነው። ያ መልመጃ ነው። ተግባር ማለት ልጁ በእጁ ነክቶ፣ ሕጉ ከየት እንደመጣ የሚያይበት ነው። ለዚህ ርዕስ የምመክርሽ የወረቀት ቁራጭ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ርዝመቱ ልክ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ቁራጭ አዘጋጂ። ተራው የኤፎር ወረቀት ረጅሙ ጎን 29.7 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ አይበቃም፤ ከፍሊፕቻርት ወረቀት ወይም ከካርቶን ቁረጪ። ሦስት ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል አትበዪ፤ ልጁ ሲለካ ቁጥሩ ካልገጠመለት ሐሳቡ ወደ ማስመሪያው ይሄዳል።

አንዱ ቁራጭ ሳይነካ ይቀመጥ፤ እሱ «አንድ ሙሉ» ነው። ሁለተኛውን እኩል አጥፈው ይቁረጡት፤ ግማሹ 15 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሦስተኛውን ለሦስት እኩል ማጠፍ ለልጅ እጅ ስለሚከብድ በማስመሪያ 10 እና 20 ላይ ምልክት አድርገው ይቁረጡ፤ ሲሶው 10 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚያ ግማሹንና ሲሶውን አገናኝተው በሙሉው ላይ ያስተኙ። ሁለቱ አብረው 25 ሳንቲ ሜትር ይደርሳሉ። እስከዚህ ሁሉም ይስማማል። ቀጥለሽ፣ «ይህ የሙሉው ስንት እጅ ነው?» ብለሽ ዝም በዪ። ዝምታው ያስጨንቅሻል፤ ቻዪው።

የሚፈልጉት ግማሹንም ሲሶውንም ሳይተርፍ የሚለካ አንድ ትንሽ ቁራጭ ነው። ከልጆቹ አንዱ 5 ሳንቲ ሜትር ይላል። ትንሿ ቁራጭ ግማሹ ውስጥ 3 ጊዜ፣ ሲሶው ውስጥ 2 ጊዜ፣ ሙሉው ውስጥ 6 ጊዜ ትገባለች። 3/6 ላይ 2/6 ሲጨመር 5/6። የጋራ ታህት ማለት ይህች ሁለቱንም የምትለካ ቁራጭ ናት፤ አሁን ቃሉን ብትነግሪያቸው ቃሉ የሚያርፍበት ቦታ አለው። ሌላ ልጅ 1 ሳንቲ ሜትር ቢልሽ ተሳስተሃል አትበዪው፤ 15/30 እና 10/30 25/30 ነው፣ ሲቃለልም ያው 5/6 ነው። ትንሹን የጋራ ብዜት መፈለግ ሥራ ያሳጥራል እንጂ ሌላው ስህተት እንዳልሆነ ይህ ልጅ አሳየሽ ማለት ነው።

መጨረሻ ላይ 1/2 + 1/3 2/5 ነው ያሉ ልጆች ካሉ ይዘሻቸው ተመለሺ። በአራተኛው ቁራጭ ላይ በየ6 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት ቢያደርጉ ለአምስት እኩል ይከፈላል፤ ሁለቱ እጅ 12 ሳንቲ ሜትር ነው። ግማሹ ብቻውን 15 ነበር። ቁራጩን ከግማሹ ጎን ያስቀምጡት። አንድ ጊዜ በዚህ ቅጽበት አንዲት ልጅ ወረቀቷን ከግማሹ ጋር አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች ደጋግማ ካስተካከለች በኋላ፣ «ታዲያ ሲሶው የት ገባ?» ስትለኝ ሰምቻለሁ። ይህን ጥያቄ አርባ ስላይድ አያመጣውም።

እንግዲህ ስላይዱን ክፈቺ። መጀመሪያ ርዕስና ስምሽን አታስቀድሚ፤ የመጀመሪያው ስላይድ ላይ 1/2 + 1/3 ብቻ ይቀመጥ፣ ልጆቹም መልሳቸውን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ይስጡሽ። ትክክልም ስህተትም አትበዪ፤ ወረቀቶቹን ሰብስበሽ ያዢ። ሁለተኛው ስላይድ ሦስቱን ዓላማዎች በልጅ ቋንቋ ይናገር፦ «ዛሬ ስንጨርስ እንዲህ መሥራት እንችላለን» ብሎ። ሦስተኛው ታህታቸው አንድ የሆኑትን ያስታውሳል፤ 2/7 + 3/7 = 5/7፣ ሰባተኛ የሚለው የቁራጩ ስም እንጂ የሚደመር እንዳልሆነ። አራተኛው የተግባሩ መመሪያ ነው፤ ከአራት አጭር መስመር አይብለጥ። አምስተኛውና ስድስተኛው የቁራጮቹ ሥዕል ናቸው፤ አምስተኛው የ25ቱን ጥያቄ፣ ስድስተኛው የ2/5ን ጉድ ያሳያል።

ሥዕሉን ከኢንተርኔት አታውርጂ፣ በዓይንሽም አትገምቺ። በፓወርፖይንት ሰፊው ስላይድ ወርዱ 33.87 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ የ30 ሳንቲ ሜትሩ ቁራጭ በልኩ ይገባል። አራት ማዕዘኑን ሳዪና ወርዱን በቁጥር 30፣ 15፣ 10፣ 12 ብለሽ ሙዪ። በመዳፊት ስበሽ ካስተካከልሽው 12ቱ ከ15ቱ ጋር ሊቀራረብ ይችላል፣ ያ ደግሞ ነገሩን ሁሉ ያጠፋል። ክብ ዳቦም አትሳዪ። የክብ ግማሽና ሲሶ ተገናኝተው ስንት እንደሆኑ ዓይን አይለይም፤ ቀጥ ያለ ቁራጭ ግን ርዝመቱ ይናገራል።

ሰባተኛው ስላይድ በእጃቸው ያገኙትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ቁራጮቹ እኩል ካልሆኑ አይደመሩም። ስምንተኛው አቻ ክፍልፋይን ብቻ ይይዛል፤ 2/3 ላዕሉም ታህቱም በ4 ሲባዛ 8/12፣ 1/4 በ3 ሲባዛ 3/12። ዘጠነኛው 2/3 + 1/4ን ሙሉ በሙሉ ተሠርቶ ያሳያል። አሥረኛው ሌላ ጥያቄ፣ 1/4 + 2/5፣ ግማሽ ድረስ ሠርቶ ቀሪውን ባዶ ይተዋል፤ 5/20 + 8/20 ብለው ሞልተው 13/20 ላይ ይደርሳሉ። ሙሉውን ካሳየሽ በኋላ ወዲያው ባዶ ሜዳ ላይ አታቁሚያቸው። መሀል ላይ ይህች ድልድይ ትኑር፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ከ11 እስከ 13 ያሉት የክለሳ ጥያቄዎች ናቸው፤ በየስላይዱ አንድ ጥያቄ ብቻ። አንዱ ከ4/6፣ ከ3/4 እና ከ5/6 የትኛው ከ2/3 ጋር እኩል እንደሆነ ይጠይቃል። ቀጣዩ 1/6 + 3/10 ነው፤ በ30 ቢሠሩት 5/30 + 9/30 = 14/30፣ ሲቃለል 7/15 ይሆናል። 6ን በ10 አባዝቶ በ60 የሠራ ልጅም 28/60 አግኝቶ ወደዚያው 7/15 ይመጣል፤ ማቃለሉ ብቻ ይረዝምበታል። ሦስተኛው ያ 2/6 ብሎ የጻፈው ተማሪ ነው። 2/3 + 1/4ንስ የት አደረግሽው ካልሽኝ፣ እሱ በዘጠነኛው ስላይድ ነው። ምሳሌውን ከማሳየትሽ በፊት ለሁለት ደቂቃ ራሳቸው ይሞክሩት፤ ሦስቱን ስህተቶች የምታጠምጂው እዚያ ነው። የመጨረሻው፣ 14ኛው ስላይድ፣ የመጀመሪያው ራሱ ነው።

መልስ የሚታይበትን ስላይድ በእንቅስቃሴ አታስጊጪው። ጥያቄውን የያዘውን ስላይድ በ`Ctrl+D` ገልብጪና መልሱን በግልባጩ ላይ ጨምሪ፤ እኔ የቆጠርኳቸው 14ቱ እነዚህን ግልባጮች ሳይጨምር ነው፣ እነሱን ያለ ቁጥር ተያቸው። በእንቅስቃሴ የተደበቀ መልስ ወደ ፒዲኤፍ ስትቀይሪው ከጥያቄው ጋር አብሮ ይወጣል፤ ስታትሚው ልጁ መልሱን ቀድሞ ያነበዋል። ክፍልፋዮቹንም በመስመር አግድም አትጻፊ፤ `Alt+=` ስትጫኚ የቀመር ሳጥን ይከፈታል፣ `1/2` ብለሽ ክፍት ቦታ ስትመቺ ላዕሉ ከላይ ታህቱ ከታች ሆኖ ይቀመጣል። ልጁ በደብተሩ የሚያውቀው መልክ ያ ነው። ቁራጮቹን እየሠሩ ሳለ ደግሞ ዓይናቸው ወደ ስክሪኑ እንዳይሄድ `B` ተጫኚ፤ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ መልሰሽ ስትጫኚ ይመለሳል።

ሰዓቱን እንዲህ አካፍዪው፦ ለመክፈቻው ጥያቄ 5፣ ታህታቸው አንድ የሆኑትን ለማስታወስ 5፣ ለቁራጮቹ 15፣ ለምሳሌና ለድልድዩ 15፣ ለክለሳ 15፣ ለመዝጊያው 5 ደቂቃ። ብዙ ጊዜ የሚሰረቀው የክለሳው ነው። ተግባሩ ያስደስታልና ይረዝማል፣ ከዚያ ጥያቄዎቹ «ቤታችሁ ሥሩት» ይባላሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው፤ ልጁ በተሳሳተበት ሰዓት አጠገቡ አልነበርሽም። ሰዓቱ ከጠበበ ከምሳሌዎቹ አንዱን ቀንሺ እንጂ ጥያቄዎቹን አትንኪ።

ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላልና መብራት ቢጠፋ ምን ታደርጊያለሽ? ስላይድ 1፣ 4፣ 10 እና የክለሳዎቹን በወረቀት አትመሽ ያዢ፤ ቁራጮቹ መብራት አይፈልጉም። ፊደሉንም አስቢበት። አንቺ ኮምፒውተር ላይ ያማረው የአማርኛ ፊደል በሌላ ሰው ላፕቶፕ ላይ ላይኖር ይችላል፤ ያኔ ፊደሉ ይቀየርና መስመሩ ይዘበራረቃል፣ አንዳንዴም ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ወደ ፒዲኤፍ ቀይረሽ ያንንም ያዢ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ከሐሙስ በፊት የልጆቹን ደብተር ጠይቂና ተመልከቺ። የክፍል አስተማሪያቸው በትንሹ የጋራ ብዜት ነው የሚያሠሩት ወይስ ሁለቱን ታህቶች በማባዛት? የለመዱትን መንገድ አስቀድሚ፣ ሌላውን ኋላ አሳዪ። ልጅ ከትምህርት ቤት አንድ፣ ከአስጠኚው ሌላ ሰምቶ ሁለቱንም ቢያጣ ጥፋቱ የእኛ ነው። ቃላቱንም ከመጽሐፋቸው ውሰጂ፤ መጽሐፉ ታህት ካለ አንቺም ታህት በዪ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ዛሬና ነገን ረጋ ብለሽ ሥሪው፤ አሁን ያለሽን ሠላሳ ስምንቱን አታጥፊው፣ በሌላ ስም አስቀምጪው፣ ለሚቀጥሉት ጥናቶች ጥሬ ዕቃ ይሆንሻል። ሐሙስ ማታ ስትጨርሺ ስላይዱን ሳይሆን ወረቀቶቹን አምጪልኝ፤ አራት የመጀመሪያ መልስና አራት የመጨረሻ መልስ። የመጀመሪያዎቹ 2/5 ቢሉ አይግረምሽ። የመጨረሻዎቹም 2/5 ካሉ ግን ወደ ቁራጮቹ የምትመለሺው አንቺ ነሽ፤ የዚያን ዕለት ወረቀቱን አብሬሽ ቁጭ ብዬ እቆርጣለሁ።